ራቡን ማን አየው? የጠፋው ልጅ ምሳሌና አንባቢዎቹ

ውድ አንባቢ፣ ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ዐሥር ደቂቃ የማይፈጅ አንድ ሥራ እንዲሠሩ እጠይቃለሁ። ሉቃስ 15፥11–32ን አንድ ጊዜ ያንብቡ። ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዝጉና ታሪኩን አጠገብዎ ላለ ሰው በቃልዎ ይንገሩ፤ ማንም ከሌለ በወረቀት ላይ ይጻፉት። ሲጨርሱ መጽሐፉን እንደ ገና ከፍተው ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ በጽሑፉ ውስጥ እያለ እርስዎ የዘለሉት ምንድን ነው? በጽሑፉ ውስጥ ሳይኖር እርስዎ የጨመሩትስ?

ይህን ምሳሌ የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሁላችንም የምናውቀው በመሆኑ ነው። ደጋግመን የሰበክነውን ክፍል ስናነብ ዓይናችን በፊደሉ ላይ ቢሄድም ልባችን የሚያነበው የቀድሞ ስብከታችንን ነው። ሁለተኛው፣ የዚህ ምሳሌ አንባቢዎች ከ1800 ዓመታት ወዲህ እንዴት እንዳነበቡት የሚያሳይ ጽሑፍ ትተውልናል። የአንባቢው ኑሮ ትርጓሜውን እንዴት እንደሚቀርጽ፣ ጽሑፉም መልሶ አንባቢውን እንዴት እንደሚመረምር፣ ከእነዚህ ሰዎች ታሪክ መማር እንችላለን።

አንድ ሰው፣ ሁለት ንባብ

ከተርቱሊያን እንጀምር። ይህ ሰው በሰሜን አፍሪካ፣ በካርቴጅ ከተማ፣ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በሦስተኛው መጀመሪያ ላይ የጻፈ የቤተ ክርስቲያን መምህር ነው። «ስለ ንስሐ» በተሰኘው ቀደምት ሥራው፣ ከጥምቀት በኋላ የወደቀ ክርስቲያን ተስፋ እንዳይቆርጥ ሲመክር የጠፋውን ልጅ ይጠቅሳል። በዚህ ንባብ ልጁ የወደቀው አማኝ ነው፤ አባቱ እግዚአብሔር ነው፤ እንግዲያው የወደቀው ይነሣና ወደ አባቱ ይመለስ። እኛም ብዙውን ጊዜ የምንሰብከው ይህንኑ ነው።

ዓመታት አልፈው ተርቱሊያን «ስለ ንጽሕና» የተሰኘ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። በዚህ ጊዜ ከሞንታኒዝም እንቅስቃሴ ጋር ቆሟል፤ የቤተ ክርስቲያንም ሥርዐት ላልቷል ብሎ ያምናል። መጽሐፉን እንዲጽፍ ያነሣሣው አንድ ጳጳስ በዝሙትና በምንዝር የወደቁ ሰዎች ንስሐ ገብተው ይቅርታ ማግኘት እንደሚችሉ ማወጁ ነበር። ይቅርታውን የሚደግፉት ሰዎች ደግሞ የጠፋውን ልጅ እየጠቀሱ ይከራከሩ ነበር። የተርቱሊያን መልስ፦ ምሳሌው ስለ ክርስቲያን አይናገርም፤ ታናሹ ልጅ አሕዛብ፣ ታላቁ ደግሞ አይሁድ ናቸው። ይህን ለምን እንደሚል አይደብቅም። ልጁ ክርስቲያን ከሆነ ከሃዲውም አመንዝራውም ልብሱንና ቀለበቱን እንደ ገና ሊቀበል ነው፤ ያባከነውን መልሶ እንደሚያገኝ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ማባከንን አይፈራም ይላል።

ልብ ይበሉ፤ ሰውየው አንድ ነው፣ ምንባቡም አንድ ነው። የሉቃስ ጽሑፍ በሁለቱ መጻሕፍት መካከል አልተለወጠም። የተለወጠው ተርቱሊያን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚዋጋው ጦርነት ነው። አስቀድሞ የሚፈራው የወደቀው ሰው ተስፋ መቁረጡን ነበር፤ ኋላ ግን የሚፈራው የቆመው ሰው ቸልተኛ መሆኑን ሆነ። ሁለቱም ፍርሃቶች የእረኛ ፍርሃቶች ናቸው፤ አንባቢዎቼ መጋቢዎች ስለሆናችሁ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም።

እንዲህ ሲሆን አንዳንዶች «እንግዲህ ሁሉም እንደ ገጠመው ያነባል» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። የተርቱሊያን ታሪክ ግን እዚያ አላበቃም፤ ምክንያቱም ለአዲሱ ንባቡ ከጽሑፉ ማስረጃ ለማቅረብ ሞክሯል። ምሳሌዎቹ የተነገሩት ቀራጮችና ኃጢአተኞች ወደ ኢየሱስ ሲቀርቡ ፈሪሳውያንና ጻፎች ባጉረመረሙ ጊዜ እንደ ሆነ ያውቃል (15፥1–3)። ስለዚህ ታናሹ ልጅ አሕዛብ እንዲሆን ከተፈለገ ቀራጮቹ አሕዛብ መሆን አለባቸው። እርሱም እንደዚያው አለ፦ ቀራጮቹ አይሁድ አልነበሩም። ንባቡ ሊመረመር የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

የመረመረው ሄሮኒሞስ ነው። እ.ኤ.አ. በ383 ገደማ የሮሙ ጳጳስ ዳማሶስ ስለዚህ ምሳሌ ጥያቄ አቅርቦለት በረጅም ደብዳቤ መለሰለት። በዚያ ደብዳቤ የተርቱሊያንን ሐሳብ በስም ጠቅሶ ይነቅፋል። ሐዋርያው ማቴዎስ ከአይሁድ ወገን ሆኖ ቀራጭ አልነበረምን? ከፈሪሳዊው ጋር በመቅደስ የጸለየው፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሊያነሣ ያልደፈረውስ? እኛም ከዚያው ከሉቃስ አንድ ልንጨምር እንችላለን፤ የቀራጮች አለቃ የነበረውን ዘኬዎስን ኢየሱስ ራሱ የአብርሃም ልጅ ብሎታል (19፥9)። ስለዚህ የተርቱሊያን ሁለተኛ ንባብ የወደቀው «የግል ስሜት ነው» ተብሎ አይደለም። የወደቀው የቆመበት ምሰሶ በሉቃስ ወንጌል ውስጥ ስለሌለ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ እንዳይታየን፤ አንድን ንባብ ከየት እንደ መጣ ማሳየት ሐሰት መሆኑን አያሳይም። ከሚወድደው ሰው የመጣ ንባብ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከሚፈራውም ሰው የመጣ እንዲሁ።

የአውግስጢኖስ ራብ

አውግስጢኖስ ይህን ምሳሌ እንደ ራሱ ታሪክ ነው ያነበበው። «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ ወጣትነቱ ሲጽፍ የጠፋው ልጅ ደጋግሞ ይታያል። ከትውልድ ከተማው ከታጋስቴ ወደ ካርቴጅ፣ ከካርቴጅ ወደ ሮም፣ ከሮም ወደ ሚላኖ የሄደ ሰው ነው፤ ሩቅ አገርን በእግሩም በመርከብም ያውቀዋል። ሆኖም ከእግዚአብሔር የሚርቅ ሰው በእግር ወይም በመርከብ አይሄድም፣ የሚርቀው በልብ ፍላጎት ነው ይላል። በወንጌሎች ላይ ለተነሡ ጥያቄዎች በጻፈው ማብራሪያም ሩቁ አገር እግዚአብሔርን መርሳት፣ ራቡ ደግሞ የእውነት ቃል ማጣት ነው።

የብዙዎቻችን ስብከት የአውግስጢኖስ ልጅ ነው፤ ስለዚህ እርሱን መመርመር ራሳችንን መመርመር ነው። ለራብ በግሪኩ የገባው ቃል ሊሞስ ነው። ሉቃስ ይህን ቃል በሁለቱም መጻሕፍቱ ይጠቀምበታል። በኤልያስ ዘመን ሰማይ ተዘግቶ የመጣው ራብ (ሉቃስ 4፥25)፣ በመጨረሻው ዘመን በየስፍራው የሚሆነው ራብ (21፥11)፣ ያዕቆብን እህል ፍለጋ ወደ ግብፅ እንዲልክ ያስገደደው ራብ (ሐዋ. 7፥11)፣ በቀላውዴዎስ ዘመን የሆነውና የአንጾኪያ ክርስቲያኖች ገንዘብ ያዋጡለት ራብ (11፥28)፦ ሁሉም የእህል ራብ ናቸው። የቃል ራብ የሚለው ሐሳብ ከአሞጽ 8፥11 ሊመጣ ይችላል፤ ከሉቃስ ግን አልመጣም። በእኔ አስተያየት አውግስጢኖስ ያለው ነገር እንደ ስብከት እውነት ነው፤ ነገር ግን በምሳሌው ውስጥ አስቀድሞ እንጀራ መጥፋት አለበት። ቃሉን ቶሎ ወደ መንፈሳዊ ነገር ስናሻግረው በዚያ አገር የነበሩት ሌሎች የተራቡ ሰዎች በሙሉ ከታሪኩ ይወጣሉ።

ከኦሃዮ እስከ ሴንት ፒተርስበርግ

ስለ አንባቢ ድርሻ በንድፈ ሐሳብ ደረጃ የተጻፈውን በአጭሩ ላንሣ። ቡልትማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያለ ቅድመ ግምት መተርጎም ይቻላል ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። በብዙ ነገር ከእርሱ ጋር አንስማማም፤ ያደረገው አንድ ልዩነት ግን ይጠቅመናል። የምርመራውን ውጤት አስቀድሞ መወሰን አንድ ነገር ነው፣ ወደ ጽሑፉ ይዘነው የምንገባው የሕይወት ግንዛቤ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ክልክል ነው፤ ሁለተኛው የማይቀር ነው። በ1970ዎቹ ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ኢዘር ጽሑፍ ሁሉ ክፍተት እንዳለውና ክፍተቱን የሚሞላው አንባቢው እንደ ሆነ አስተማረ። አሜሪካዊው ስታንሊ ፊሽ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ አልፎ ሄደ፤ ለእርሱ ትርጕም የሚወጣው ከአንባቢው ማኅበረሰብ ነው። ፊሽ ልክ ከሆነ ሄሮኒሞስ ተርቱሊያንን ሊያርመው አይችልም ነበር፤ ሁለት ማኅበረሰቦች ተያዩ ከማለት በቀር። ስለ ኢዘር ክፍተት ግን ልንከራከር አንችልም። ሉቃስ ልጁ ለምን ቤቱን እንደ ለቀቀ አይነግረንም፤ እናቱ የት እንዳለች አይነግረንም፤ ታላቁ ወንድም በመጨረሻ ወደ ቤት ይግባ አይግባ አይነግረንም። ክፍተቱን ሳይሞላ የሰበከ ሰው አላውቅም።

ይህን በተግባር ያሳየው ማርክ አለን ፓወል ነው። በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት፣ በኮሎምበስ ከተማ በሚገኝ የሉተራን ሴሚናሪ የአዲስ ኪዳን መምህር ነበር። ተማሪዎቹን በመጀመሪያ እርስዎን የጠየቅሁትን እንዲያደርጉ አዘዛቸው፦ አንብቡ፣ ዝጉ፣ ተራረኩ፣ አመሳክሩ። በክፍሉ 12 ተማሪዎች ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱም በቁጥር 14 ያለውን ራብ አላነሣም። ነገሩ ስላስገረመው በዕድሜ፣ በኑሮና በእምነት የተለያዩ 100 አሜሪካውያንን አስተረከ። ልጁ ገንዘቡን ማባከኑን መቶውም አነሡ፤ ራቡን ያነሡት 6 ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ወደ ሩሲያ፣ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ 50 ሰዎችን ተመሳሳይ ነገር አስተረከ። ከ50ው 42ቱ ራቡን አነሡ። ማባከኑን ያነሡት ግን ከአሜሪካውያኑ በእጅጉ ያነሱ ነበሩ። ከተማዋ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሌኒንግራድ ትባል ነበር። ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 እ.ኤ.አ. ለ900 ቀናት ያህል በጀርመን ጦር ተከብባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በራብና በብርድ አልቀውባታል። ፓወል ያነጋገራቸው ሰዎች በራሳቸው ወይም በወላጆቻቸውና በአያቶቻቸው ትዝታ ያንን ክፉ ቀን የሚያውቁ ነበሩ። ለእነርሱ ቁጥር 14 የታሪኩ ማጠፊያ እንጂ ተጨማሪ ዝርዝር አልነበረም።

በታንዛኒያም ልጁ በእሪያዎች መካከል የተራበው ለምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ብዙዎቹ የሰጡት መልስ ሦስተኛ ነው፦ ማንም ስላልሰጠው። ይህ በቁጥር 16 መጨረሻ ላይ ያለችው አጭር ሐረግ ናት። በእነርሱ ዘንድ ገንዘቡን የማያውቅ ልጅ የትም አለ፤ ራብም ይመጣል፤ እንግዳን በራብ ጊዜ ዝም ብሎ የሚያይ አገር ግን ነውረኛ አገር ነው።

እስኪ አሁን ወረቀትዎን ይመልከቱ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ወሎን ወይም ትግራይን ያየ፣ ወይም ከዚያ ከተረፉ ወላጆች የተወለደ አንባቢ ካለ፣ ቁጥር 14ን እንደ ዘለለው እጠራጠራለሁ። ከተማ ተወልዶ ያደገ ወጣት ተማሪ ግን ከአሜሪካውያኑ ጋር ቢሰለፍ አይገርመኝም። አገራችን አንድ አንባቢ አይደለችም።

ሦስቱን መልሶች ጽሑፉ ሲመረምራቸው

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ ልጁ ለምን ተራበ? ስላባከነ፣ ራብ ስለ ገባ፣ ወይስ ማንም ስላልሰጠው?

በመጀመሪያ የነገሩን ቅደም ተከተል እንመልከት። ቁጥር 13 ማባከኑን ይናገራል። ቁጥር 14 ሁሉን ከጨረሰ በኋላ ጽኑ ራብ እንደ ሆነ፣ ከዚያም ልጁ መቸገር እንደ ጀመረ ይነግረናል። መቸገሩ የተነገረው ከራቡ በኋላ ነው። ሉቃስ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ዐረፍተ ነገር አስሯቸዋል፤ ባያባክን ኖሮ ራቡን ይቋቋም ነበር፣ ራቡ ባይመጣም በባዶ እጁ ሠርቶ ይኖር ነበር። ከዚያ ቁጥር 17ን ይመልከቱ። ልጁ ወደ ልቡ ሲመለስ ያጠፋኛል የሚለው ነገር በግሪኩ ያው ሊሞስ ነው። በብዙ የእንግሊዝኛ ትርጕሞች በቁጥር 14 እና በቁጥር 17 ያለው ቃል የተለያየ ስለሆነ አንባቢው ማያያዣው ያመልጠዋል። የአማርኛው «ራብ» ግን የአገሩንም የሆድንም ይይዛል። በዚህ አማርኛ አንባቢ ዕድለኛ ነው። የሩሲያውያኑ ንባብ እንግዲህ በጽሑፉ ውስጥ አለ፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

ነገር ግን ያንን ንባብ ይዘን ልጁ የክፉ ዘመን ሰለባ ብቻ ነው ብንል ቁጥር 18 እና 21 ያስቆሙናል። ልጁ ራሱ በድያለሁ ይላል፤ አባቱም አልበደልህም አላለውም። ማባከን ለሚለው ሉቃስ የተጠቀመበት ዲያስኮርፒዞ የተባለው ግስ በሚቀጥለው ምሳሌ፣ የጌታውን ሀብት በበተነው መጋቢ ላይ ወዲያው ይደገማል (16፥1)። ብክነት ለሉቃስ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አሜሪካውያኑ ያዩት ነገርም በእውነት አለ። የተሳሳቱት ሌላውን ባለማየታቸው ነው።

የታንዛኒያውያኑ መልስ በመጀመሪያ ሲሰማ ከሁሉ ደካማ ይመስላል፤ አንድ ሐረግ ብቻ ነውና። ነገር ግን መስጠት የሚለውን ግስ፣ በግሪኩ ዲዶሚን፣ በምሳሌው ውስጥ ይከተሉት። በቁጥር 12 ልጁ አባቱን ስጠኝ ይላል። በቁጥር 16 ማንም አይሰጠውም። በቁጥር 22 አባቱ ባሮቹን ለእጁ ቀለበት እንዲሰጡት ያዛቸዋል፤ በአማርኛ «አድርጉለት» ስለምንል አይታየንም እንጂ በግሪኩ ያው ግስ ነው። በቁጥር 29 ታላቁ ወንድም አንድ ጠቦት እንኳ አልሰጠኸኝም ብሎ ይማረራል። የማይሰጠው አገርና የሚሰጠው ቤት በአንድ ግስ ፊት ለፊት ቆመዋል። ይህን ክር ያየው የመሬቱን ኑሮ የሚያውቅ አንባቢ ነው፤ ክሩን ግን እርሱ አልፈተለውም፣ ጽሑፉ ውስጥ ነበረ።

አንድ ንባብ ደግሞ አለ፣ ሁላችንም ጋ የሚገኝ፣ ግን በዚህ ምርመራ የማያልፍ። ወረቀትዎ ላይ በሩቅ አገር ጋለሞታዎች አሉ? ታሪኩን ሲተርኩ በቁጥር 13 ቦታ ጭፈራ ቤትና ሴቶችን ካስገቡ ብቻዎን አይደሉም። ተራኪው ግን ስለ ሴት አንድ ቃል አልተናገረም። አሶቶስ የሚለው ቃል ልቅ ኑሮንም ብክነትንም ሊያመለክት ይችላል። ጋለሞታዎችን ያመጣው በቁጥር 30 ታላቁ ወንድም ነው፤ እርሱም ከእርሻ ሲመለስ ዘፈን ሰምቶ ከአንድ ብላቴና ወሬ የጠየቀ፣ ወንድሙን ገና ያላየ፣ በቁጣ ደጅ የቆመ ሰው ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሉቃስ ውሸት ነው አላለም። ነገር ግን በመድረክ ላይ የታላቁን ወንድም ክስ እንደ ተራኪው ምስክርነት አድርገን ስናወራ ሳናውቀው ከማን ጎን እንደ ቆምን እናስብ። «ይህን የተናገረው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ስብከት ግን ያርማል።

ጠፋ የሚለው ቃላችን

አንባቢን የሚቀርጸው ኑሮው ብቻ ሳይሆን ቋንቋውም ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ምሳሌውን የሚጠሩት «አባካኙ ልጅ» በሚል ትርጕም ባለው ስም ነው። መቶው አሜሪካውያን ሁሉ ማባከኑን ያስታወሱት ርእሱ ራሱ ወደ ቁጥር 13 ስለሚመራቸውም ይመስለኛል። እኛ «የጠፋው ልጅ» እንላለን፤ ይህም ወደ ቁጥር 24 እና 32 ይመራናል። ከጽሑፉ ጋር ሲመዘን የእኛ ስም ይሻላል። አፖሉሚ የተባለው ግስ ለጠፋው በግ፣ ለጠፋው ድሪምና ለጠፋው ልጅ ሁሉ ይሠራል፤ በቁጥር 17 ልጁ በራብ እጠፋለሁ ሲልም ያው ግስ ነው። መጥፋት በአማርኛም በግሪክም መሰወርም መሞትም ነው፤ አባቱ ስለ ልጁ ሞትንና መጥፋትን አጣምሮ መናገሩ ለዚህ ይመቻል።

ይኸው ቃል ግን ወጥመድም አለው። በእኛ አነጋገር ልጅ ከቤት ጠፋ ከተባለ ተደብቆ ኮበለለ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሌሊት የሸሸ ልጅ በዓይናችን ይመጣል። በሉቃስ ግን ልጁ አልኮበለለም። ድርሻውን በግልጽ ጠየቀ፣ አባቱም አካፈለ፣ ጥቂት ቀን ቆይቶም ሁሉን ሰብስቦ ሄደ። የኮብላይ ልጅ አባት ሳያውቅ ተዘርፏል፤ ይህ አባት እያወቀ ሰጥቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአባቱን ማንነት ይነካል።

ሩቅ አገር ለሄዱት

ይህን ሁሉ የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። «ሩቅ አገር» ሲባል በዘመናችን የአገራችን ምእመን የሚያስበው ዓረብ አገርን ነው፤ ከየአጥቢያችን ወደዚያ ያልላከ ቤተሰብ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻና በ2014 ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን በጥቂት ወራት ውስጥ መልሳለች። ከተመለሱት ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን መጡ። ባዶ እጁን ከሩቅ አገር ለተመለሰ ሰው በመጀመሪያ በአእምሯችን የሚመጣው ምሳሌ ደግሞ ይህ ነው።

እስኪ በጽሑፉ እንመዝነው። የሉቃስ ልጅ ሀብት ይዞ ሄደ፤ ስደተኛዋ ለደላላ የተበደረችውን ዕዳ ይዛ ትሄዳለች። እርሱ አባቱን ስጠኝ ብሎ ወሰደ፤ እርሷ ለአባቷ ልትሰጥ ሄደች። እርሱ አባከነ፤ እርሷ በየወሩ ለታናናሾቿ ትምህርትና ለጣራ ቆርቆሮ ላከች። በድያለሁ የሚለውን ቃል በአፏ ውስጥ የሚጨምር ሰባኪ ከቁጥር 12 እና 13 ጋር ይጣላል። ከቁጥር 14፣ 16 እና 17 ጋር ግን ታሪኳ ይገጥማል፦ ችግር በማታውቀው አገር ደረሰባት፤ ማንም አልሰጣትም፤ ልትጠፋ ነበር።

እርሷ ራሷ ብታነበውስ? ምናልባት ከታናሹ ይልቅ ታላቁ ይቀርባት ይሆናል። በቁጥር 29 ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ አገለገልሁ፣ ምንም አልተሰጠኝም የሚል እርሱ ነው፤ ደመወዟን የተነፈገች የቤት ሠራተኛ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ብዙ ሰባኪዎች በዚህ ወንድም ላይ የሚፈርዱት ያለ ደመወዝ ሠርተው ስለማያውቁ ይመስለኛል። ይህም ንባብ ቢሆን መመርመር አለበት። የታላቁ ወንድም አቤቱታ የቀረበው ለአሠሪ ሳይሆን ለአባቱ ነው፤ በቁጥር 31 አባቱ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ነህ፣ የእኔ ሁሉ የአንተ ነው ይለዋል፤ ይህን ቃል ለሠራተኛዋ የተናገረ አሠሪ የለም። ስለዚህ አሠሪዋን በአባቱ ቦታ ልናስቀምጠው አንችልም፤ አባቱን በእርሻው የሚያስቆጥር ጌታ አድርጎ ያየው ልጁ ብቻ ነው።

መጋቢ ሆይ፣ ከተመለሱት መካከል አንዷ በሚቀጥለው እሑድ በመጨረሻው ወንበር ላይ ብትቀመጥና ሉቃስ 15ን ለመስበክ ቢነሡ፣ ቁጥር 16ን ቆም ብለው ያንብቡላት። ከዚያ ቁጥር 17 ላይ ስላለው፣ ሞያተኞቹ እንኳ እንጀራ ስለሚተርፍላቸው ቤት ሲናገሩ፣ ከጉባኤው ማን በዚያ ሳምንት ምን እንደሚሰጣት አስቀድመው ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግረው ይቁሙ።